ሦስት በር ለምን አይበቃም፦ ስለ ማራገፊያ በሮች ቁጥር ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«በሰዓት አምስት የጭነት መኪና ይመጣል፤ እያንዳንዱን ማራገፍ በአማካይ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አምስት በግማሽ ሲባዛ ሁለት ተኩል ነው። ስለዚህ ሦስት የማራገፊያ በር ይበቃል፤ እንዲያውም ግማሽ በር ይተርፋል። ከዚያ በላይ የሚሠራ በር ሥራ ፈትቶ የሚውል ኮንክሪት ነው። ሹፌር ቢጠብቅ ወጪው የእርሱ እንጂ የመጋዘኑ አይደለም፤ ሊለካም አይችልም። ወረፋ ከበዛ በሮቹን በዕቃ ዓይነት መከፋፈል ሥርዓት ያስይዛል። የወረፋ ቀመር የሚባለው ለስልክ የተሠራ ነው፤ የጭነት መኪና ደግሞ ስልክ አይደለም።»

ይህ ጽሑፍ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ሰዎች ልከውልኛል፤ ሁለቱ «ተመልከት፣ እውነቱን ተናገረ» ብለው ነው የላኩት። ጸሐፊው መጋዘን የሚያውቁ ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ስሌታቸውም እስከተጓዘበት ድረስ ስህተት የለበትም። የተሳሳተው የቆሙበት ቦታ ነው።

ሁለት ተኩል የሚለው ቁጥር ትክክል ነው፤ ትርጉሙ ግን ሌላ ነው። ከሁለት ተኩል ያነሰ አቅም ካለን ወረፋው በየሰዓቱ እያደገ ይሄዳል፤ መቼም አይጠራም። ስለዚህ ሦስት በር ማለት ወረፋው ያለ ገደብ እንዳያድግ የሚያስፈልገው ዝቅተኛው ቁጥር ነው። ዝቅተኛውና የሚያዋጣው ቁጥር በእርግጠኝነት አንድ የሚሆኑት መኪኖቹ በየ12 ደቂቃው እንደ ሰዓት ደወል የሚመጡ ከሆነና እያንዳንዱም ልክ 30 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ነው። እንዲህ ያለ መጋዘን እስካሁን አላየሁም፤ እርሳቸውም አይተው ከሆነ አልጻፉትም።

አንዲት ሰዓት በቅርብ እንይ። ሦስት ባዶ በሮች አሉ። አምስት መኪኖች ይመጣሉ፤ ልክ እንደ አማካዩ። የሚደርሱት በ0ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ10ኛውና በ40ኛው ደቂቃ ነው። ለማራገፍ 25፣ 45፣ 30፣ 20 እና 30 ደቂቃ ይፈጃሉ፤ ቢደመር 150፣ ለአምስት ቢካፈል 30 ደቂቃ ነው። እንግዲህ ከጽሑፉ አማካይ ዝንፍ ያለ ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እንደደረሱ በር ያገኛሉ። አራተኛው በ10ኛው ደቂቃ ሲደርስ ሦስቱም በሮች ተይዘዋል፤ የመጀመሪያው በር እስኪለቀቅ እስከ 25ኛው ደቂቃ ድረስ 15 ደቂቃ ይቆማል። ሦስተኛው በር በ37ኛው ደቂቃ ይለቀቃል፤ አምስተኛው መኪና እስኪመጣ ሦስት ደቂቃ ባዶውን ይቀመጣል። ይኸው በር ሰዓቱ ሲጀምርም ሰባት ደቂቃ ባዶ ነበር።

ጸሐፊው ያላዩት ይህን ነው። «ይተርፋል» ያሉት ግማሽ በር በእርግጥ ተርፏል፤ የተረፈው ግን መኪና በሌለበት ደቂቃ ነው። የ7 ደቂቃውን ባዶ ጊዜ አስቀምጦ ለአራተኛው መኪና ማውረስ አይቻልም። የበር ጊዜ እንደ እህል በጎተራ አይከማችም፤ ያለፈው አለፈ። መኪናው ግን ይከማቻል፤ ስለዚህ የተጨናነቀው ደቂቃ ዕዳ ወደ ቀጣዩ ይተላለፋል፣ የባዶው ደቂቃ ትርፍ ግን አይተላለፍም።

አንዲት ሰዓት ምሳሌ እንጂ ማስረጃ እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ ስለዚህ ወደ ረጅሙ ስሌት እንሂድ። መኪኖቹ ያለ ቀጠሮ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ሳይነጋገር ይመጣሉ፤ የማራገፊያው ጊዜም በጣም ይለያያል እንበል። የወረፋ ቀመሩ አጭር ነው፤ በማንኛውም የኮምፒውተር ሠንጠረዥ ላይ ይሠራል። `a` ቀደም ሲል ያየነው ሁለት ተኩል፣ `B` ደግሞ `n` ከ1 እስከ `c` ሲሄድ በተራ የሚሰላ መሸጋገሪያ ቁጥር ነው። `c` የበሮቹ ቁጥር፣ `C` አንድ መኪና ሲደርስ ሁሉም በሮች ተይዘው የሚያገኝበት ዕድል፣ `Lq` ደግሞ በማንኛውም ቅጽበት በአማካይ ቆመው የሚጠብቁ መኪኖች ብዛት ነው።

```
a = 5 * 0.5 = 2.5
B(0) = 1
B(n) = a*B(n-1) / (n + a*B(n-1))
C  = B(c) / (1 - (a/c)*(1 - B(c)))
Lq = C*a / (c - a)
```

በሦስት በር ስናሰላው ከሚደርሱት መኪኖች 70 በመቶ የሚሆኑት በር አያገኙም፤ በአማካይ 3.51 መኪና ሁልጊዜ ግቢው ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል፤ ይህ በሰዓት ለሚመጡት አምስት መኪኖች ሲካፈል የአንዱ አማካይ ጥበቃ 42 ደቂቃ ነው። ለግማሽ ሰዓት ሥራ 42 ደቂቃ መቆም ማለት ነው። አራተኛ በር ሲጨመር የሚጠብቀው ወደ 0.53 መኪና፣ ጥበቃውም ወደ 6 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይወርዳል። አምስተኛው ሲጨመር ጥበቃው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ይሆናል። አቅሙ በሲሶ ሲያድግ ጥበቃው ወደ ሰባተኛው እጅ የወረደው አራተኛው በር ተአምር ስላለው አይደለም፤ ሦስቱ በሮች 83 በመቶ ተይዘው ስለሚውሉ አንዴ የተፈጠረ ክምር የሚጠራበት ትርፍ ጊዜ ስላልነበራቸው ነው።

አሁን ወጪውን እናስገባ። የየትኛውም አገር ዋጋ እንዳይሆን ወጪውን በአሃድ ልለካው። አንድ በር ለአንድ ሰዓት ክፍት ሲሆን ጫኝና አውራጁ፣ ፎርክሊፍቱ ከነነጂው፣ የሕንፃው ድርሻም ተደምሮ 40 አሃድ ያስወጣል እንበል። አንድ መኪና ከነሹፌሩ ለአንድ ሰዓት ሲቆም ደግሞ 30 አሃድ። ሦስት በር በሰዓት 120 ለበሮቹ፣ 105 ለጥበቃ፣ ድምሩ 225 ይሆናል። አራት በር 160 እና 16፣ ድምሩ 176። አምስት በር 200 እና 4፣ ድምሩ 204። ዝቅተኛው አራት ነው። ጸሐፊው ሦስተኛው ላይ ቆመው 40 አሃድ አተረፍኩ ሲሉ ወደ 90 የሚጠጋ ከፍለዋል።

አምስተኛው በር እንደማያዋጣም ልብ ይሏል። በዚህ እርሳቸውና እኔ አንድ ነን፦ በር እየጨመሩ ወረፋን ማጥፋት ሞኝነት ነው። የሚያዋጣው ቦታ ላይ ትንሽ ወረፋ ይኖራል፣ በሮቹም ከጊዜያቸው ከሲሶ በላይ ባዶ ይሆናሉ፤ አራት በር 62.5 በመቶ ብቻ ተይዞ ይውላልና። ይህ ለሚያይ ሰው ያስከፋል። አለቃ ብቅ ሲል የቆመ ሠራተኛ ያያል፤ ግቢው ላይ የቆመውን መኪና ግን ከመስኮቱ አያየውም። በዚያ ላይ የበር ወጪ ትልቁ ክፍል ኮንክሪት አይደለም፣ ቡድኑ ነው። ባዶ ደቂቃ ያገኘ ቡድን የወረደውን ዕቃ ወደ መደርደሪያ ማስገባት ይችላል፤ የቆመ ሹፌር ግን ሌላ የሚሠራው የለውም።

አንድ ነገር ልቀበል፤ ጸሐፊው ከላይ ባልጠቀስኩት አንድ ሐረግ ብቻ ነክተውት አለፉ እንጂ ከሁሉ የሚበልጠው ነጥባቸው ነበር። «ሠራተኛው ቢፈጥን ኖሮ» ይላሉ። እውነት ነው። በሩ የሚያዝበት ጊዜ ከ30 ወደ 24 ደቂቃ ቢወርድ ሦስት በር በ0.89 የሚጠብቅ መኪና ይሠራል፤ ድምር ወጪው 147 ገደማ ይሆናል። ይህ ከአራቱ በር 176 ይሻላል። ስድስቱን ደቂቃ ለማትረፍ የሚወጣው ወጪ በሰዓት ከ29 አሃድ በታች ከሆነ እኔም ከእርሳቸው ጎን እቆማለሁ። ነገር ግን ስድስት ደቂቃ በጩኸት አይገኝም። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመረካከቢያ ወረቀቱ መኪናው በር ላይ ከመጠጋቱ በፊት ሲያልቅ፣ ዕቃውም ተበትኖ ሳይሆን በፓሌት ተጭኖ ሲመጣ ነው።

ወደ ጥበቃ ወጪው ልለፍ። «ሊለካ አይችልም» የሚለው አነጋገር ብዙ ሰው አሳምኗል፤ እኔንም በአንድ ወቅት አሳምኖኝ ነበር። የአንድ ሹፌር ሰዓት በትክክል ስንት ነው? 30 ይሁን 25 ወይስ 50? አላውቅም። ግን ማወቅ ያስፈልገናል ወይ? ከሦስት ወደ አራት በር ስንሄድ የሚጠብቁት መኪኖች በ2.98 ይቀንሳሉ። ከአራት ወደ አምስት ስንሄድ በ0.40 ብቻ። ስለዚህ አራተኛው በር የሚያዋጣው የአንድ በር ሰዓት ወጪ ከ2.98 የመኪና ሰዓት በታች ሲሆን ነው፤ አምስተኛው የማያዋጣው ደግሞ የበር ሰዓት ከ0.40 የመኪና ሰዓት በላይ ሲያስወጣ ነው። በሩ 40 አሃድ ከሆነ የመኪናው ሰዓት ከ13 ተኩል እስከ 99 የትም ቦታ ቢወድቅ መልሱ አራት ነው። ከታችኛው ጫፍ እስከ ላይኛው ከሰባት እጥፍ በላይ ነው። ጥያቄው «በትክክል ስንት ነው» አይደለም፤ «ከበሩ ሲሶ ይበልጣል ወይ» የሚል ነው። ይህን ለመመለስ ሂሳብ አዋቂ መቅጠር አያስፈልግም።

ወጪው የሹፌሩ ነው የሚለውስ? በከፊል ልክ ናቸው። መጋዘኑ ለሚቆም መኪና ምንም የማይከፍል፣ የማጓጓዣ ዋጋውም በጥበቃ ምክንያት ፈጽሞ የማይለወጥ ከሆነ የመኪናው ሰዓት ለመጋዘኑ ዜሮ ነው፤ ከዚያ ሦስት በር ያዋጣል። ችግሩ አጓጓዡ ሞኝ አለመሆኑ ነው። ሁልጊዜ 42 ደቂቃ የሚያስቆመውን ግቢ አንዴ፣ ሁለቴ ይታገሣል፤ በሦስተኛው ውል ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፣ ወይም የመቆሚያ ክፍያ የሚል አንቀጽ ያስገባል። ወጪው በር ላይ ባይታይም በደረሰኝ ተመልሶ ይመጣል። መኪኖቹ የመጋዘኑ ባለቤት ራሱ ያሠማራቸው ሲሆኑማ ክርክሩ ራሱ ይፈርሳል።

በሮቹን በዕቃ ዓይነት ስለመከፋፈል ብዙ አልልም፤ ቁጥሩ ይናገራልና። አራት በሮችን ሁለት ሁለት አድርገን ከፍለን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን ግማሹን መኪና ብንመድብ፣ በድምሩ 1.60 መኪና ይጠብቃል። አራቱም በአንድ ወረፋ ሲያገለግሉ የሚጠብቀው 0.53 ነበር። በሮቹም፣ ሠራተኞቹም፣ መኪኖቹም ሳይለወጡ ጥበቃው ሦስት እጥፍ ሆነ። በቀኙ በኩል ሁለት መኪና ተሰልፎ በግራው በኩል በር ክፍት ሆኖ ሲታይ ሥርዓት ይመስላል፤ ጥበቃውን የሚያስረዝመው ግን እርሱ ነው። ቀዝቃዛ ሰንሰለት የሚፈልግ ዕቃ ወይም ሌላ በር የማያስተናግደው የመኪና ከፍታ ሲኖር መለየት ግድ ነው፤ እዚያ ላይ አልከራከርም። ያም ሆኖ የተለየው በር ባዶ ሲሆን ተራውን ዕቃ እንዲቀበል ቢፈቀድለት ከኪሳራው ብዙው ይመለሳል።

የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ቀመሩ በእርግጥ ለስልክ የተሠራ ነው። የዴንማርኩ አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ ስንት መስመር እንደሚበቃ ለማወቅ ነበር የተነሣው፤ ዋናውን ቀመሩን ያወጣው በ1917 ነው። ቀመሩ ሁለት ነገር ይገምታል። ጠሪዎች እርስ በርሳቸው ሳይነጋገሩ በዘፈቀደ ይመጣሉ፤ የንግግሩም ርዝመት በጣም ይለያያል። የማራገፊያ ጊዜ ግን እንደ ስልክ ንግግር አይዋዥቅም፤ በ30 ደቂቃ ዙሪያ የመሰብሰብ ጠባይ አለው። ስለዚህ የጸሐፊው ትችት መሠረት አለው፤ ከላይ የሰጠሁት 42 ደቂቃም ከእውነተኛው ሊበዛ ይችላል።

ይህ ግን ቀመሩን ለማረም እንጂ ለመጣል ምክንያት አይሆንም። የተለመደው ማረሚያ ቀላል ግምት ነው፦ የአመጣጡን መዋዠቅና የማራገፊያ ጊዜውን መዋዠቅ ደምሮ ለሁለት ማካፈል፣ ባገኘነው ቁጥር ጥበቃውን ማባዛት። መዋዠቅ የምለው የጊዜው መደበኛ ልይይት ለአማካዩ ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ የሚገኘውን ነው፤ ለስልኩ ሞዴል ሁለቱም 1 ናቸው። የማራገፊያ ጊዜው ልይይት የአማካዩ ግማሽ ከሆነ መዋዠቁ 0.25 ነው። አመጣጡ አሁንም ዘፈቀደ ከሆነ ማባዣው 0.625 ይሆናል። በሦስት በር 2.19 መኪና ይጠብቃል፣ በአራት 0.33። ወጪው 186 በ170 ነው። ልዩነቱ ጠበበ፤ መልሱ ግን አሁንም አራት ነው።

አሁን ለጸሐፊው የሚደላውን ላቅርብ። መጋዘኑ መኪኖቹን በቀጠሮ ቢያስመጣና የአመጣጡ መዋዠቅ ወደ ግማሽ ቢወርድ፣ ማባዣው 0.375 ይሆናል። ያን ጊዜ ሦስት በር 159 ተኩል፣ አራት በር 166 ያስወጣል። ሦስት አሸነፈ! ስለዚህ ጸሐፊው የደረሱበት ቁጥር ትክክል የሚሆንበት መጋዘን አለ። ነገር ግን ትክክል ያደረገው የአምስትና የግማሽ ብዜት ሳይሆን የቀጠሮው መዝገብ ነው፤ ጽሑፋቸው ደግሞ ስለ ቀጠሮ አንድም ቃል የለውም።

በዚያ ቀጠሮ ባለው መጋዘን እንኳ እኔ ሦስትን በጥርጣሬ ነው የማየው። ሥራው በአሥር በመቶ ቢያድግና በሰዓት 5 የነበረው 5.5 ቢሆን ምን እንደሚመጣ ተመልከቱ። የሦስቱ በር ወጪ ከ159 ተኩል ወደ 225 ይዘላል፤ የአራቱ ከ166 ወደ 170 ብቻ ይወጣል። ሦስት ሲበቃ አራት የያዘ ሰው በሰዓት 6 ተኩል አሃድ ከሰረ። አራት ሲያስፈልግ ሦስት የያዘ ደግሞ 55 ገደማ ከሰረ። ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። የወጪው መስመር በቀኝ በኩል ለስላሳ ቁልቁለት ነው፣ በግራ በኩል ገደል፤ አማካዩን በትክክል የማያውቅ ሰው ደግሞ በገደሉ ጠርዝ ላይ ባይቆም ይሻለዋል። አማካዩ ራሱ የጠዋቱንና የከሰዓቱን ልዩነት ደብቆ የሚይዝ መሆኑን ሳንረሳ ነው። ጠዋት ሰባት፣ ከሰዓት ሦስት መኪና የሚመጣበት ግቢ አማካዩ አምስት ነው፤ በሦስት በር ግን አቅሙ ስድስት ስለሆነ ጠዋት በየሰዓቱ አንድ መኪና ይከማቻል። እዚያ ጋ መፍትሔው በሩን አራት አድርጎ ሠርቶ አራተኛውን ቡድን ጠዋት ብቻ ማሰማራት ነው፤ ኮንክሪቱና ቡድኑ አንድ ውሳኔ አይደሉምና።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። ያ ግማሽ ሰዓት የተለካው ከየት እስከ የት ነው? የመዝገብ ሠራተኞች ብዙውን ጊዜ የሚጽፉት የመኪናው የኋላ በር ከተከፈተበት እስከ መጨረሻው ካርቶን የወረደበትን ጊዜ ነው። በሩ ግን የሚያዘው መኪናው ወደ ኋላ መጠጋት ከጀመረበት ጀምሮ ወረቀቱ ተፈርሞ ቦታውን እስኪለቅ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በተቃራኒው ከግቢው መግቢያ ጀምሮ ይለካል፤ ያን ጊዜ ጥበቃው ራሱ በማራገፊያ ጊዜው ውስጥ ተቀላቅሎ ቁጥሩ ያብጣል። የሚያስፈልጉት አራት ሰዓቶች ናቸው፦ ግቢ የገባበት፣ በር መጠጋት የጀመረበት፣ ማራገፉ ያለቀበትና በሩን የለቀቀበት። የሁለት ሳምንት መዝገብ ቢኖር ክርክራችን ባጠረ ነበር።

መጠጋቱና ወረቀቱ ስድስት ደቂቃ ብቻ ቢወስዱና በ30ው ውስጥ ሳይቆጠሩ ቀርተው ከሆነ፣ በሩ የሚያዘው 36 ደቂቃ ነው። አምስት በ0.6 ሲባዛ ሦስት ይሆናል። ሦስት በር ለሦስት በር ሥራ፤ «የሚተርፈው ግማሽ በር» የለም፣ ወረፋውም በየቀኑ ሲንከባለል እንጂ ሲጠራ አይታይም። በዚያ መጋዘን አራት በር 206፣ አምስት በር 211 ገደማ ያስወጣል። ሦስትን ለማስላት ሞክሬ ነበር፤ ቀመሩ በዜሮ አካፍል ይለኛል።